ከዴልታ-ስታር ትራንስፎርመር ማዶ የተፈጠረን የአንድ ፌዝ የምድር ፎልት እንዴት እናሰላለን?

በትራንስፎርመሩ ስታር በኩል አንድ ፌዝ ከምድር ጋር ሲገናኝ፣ በዴልታ በኩል የተቀመጠው የምድር ፎልት ሪሌይ ምንም አያይም። ኦቨርከረንት ሪሌዩ ደግሞ ሁለት ፌዞች እርስ በርስ የተነካኩ ይመስለዋል። ለምን እንደዚህ እንደሚሆን በቁጥር እንየው።

ትራንስፎርመራችን 10 ኤምቪኤ፣ 33/11 ኪሎ ቮልት ነው። የቬክተር ግሩፑ Dyn11፣ ሪአክታንሱ 10 በመቶ ነው። ኃይል የሚመጣው በ33 ኪሎ ቮልት በኩል ሲሆን የምንጩ የፎልት መጠን 200 ኤምቪኤ ነው። የ11 ኪሎ ቮልቱ ኒውትራል በቀጥታ ምድር ገብቷል። ፎልቱ እዚያው የ11 ኪሎ ቮልቱ ተርሚናል ላይ፣ ፌዝ A ላይ ነው። ሬዚስታንስንና የጭነት ከረንትን ለጊዜው እንተዋቸው።

1. ሦስቱን ኔትወርኮች ለየብቻ ሥራ

ያልተመጣጠነ ከረንት ለሦስት የተመጣጠኑ ቡድኖች ይከፈላል። ፖዘቲቭ ሲኩዌንስ በተለመደው የፌዝ ቅደም ተከተል ይዞራል፣ ኔጌቲቭ በተገላቢጦሽ። የዜሮ ሲኩዌንስ ከረንት ግን በሦስቱም ፌዞች እኩል ነው፤ አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይወርዳል።

በ10 ኤምቪኤ ቤዝ ምንጩ 10/200 = 0.05 ፐር ዩኒት ይሆናል፣ ትራንስፎርመሩ 0.10።

```
X1 = X2 = 0.05 + 0.10 = 0.15
X0 = 0.10
```

X0 ውስጥ ምንጩ እንደሌለ ልብ በል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የስታሩ የዜሮ ሲኩዌንስ ከረንት በዴልታው ውስጥም ተመጣጣኝ ከረንት ይፈጥራል። ያ ከረንት ግን ሦስቱን ጥቅልሎች ተከትሎ እዚያው ይሽከረከራል እንጂ ወደ መስመሩ አይወጣም። ስለዚህ የምንጩ ዜሮ ሲኩዌንስ ምንም ይሁን ምን ስሌታችን ውስጥ አይገባም። (ባለ ሦስት እግር ኮር ያላቸው ትራንስፎርመሮች X0 ከX1 ትንሽ ያንሳል፤ የቴስት ሪፖርት ካለህ እሱን ተጠቀም።)

2. ሦስቱን በተከታታይ አገናኝ

ለአንድ ፌዝ የምድር ፎልት ሦስቱም ከረንቶች እኩል ናቸው።

```
I1 = I2 = I0 = 1 / (0.15 + 0.15 + 0.10) = 2.5
If = 3 × 2.5 = 7.5
```

በ11 ኪሎ ቮልት ቤዝ ከረንቱ 525 አምፔር ስለሆነ ፎልቱ ወደ 3,940 አምፔር ይደርሳል። እዚያው ቦታ የሦስት ፌዝ ሾርት ቢፈጠር 1/0.15፣ ማለትም ወደ 3,500 አምፔር ብቻ ነው። የምድር ፎልቱ በለጠ ማለት ነው።

3. ወደ ዴልታው ተሻገር

Dyn11 ላይ የ11 ኪሎ ቮልቱ በ30 ዲግሪ ይቀድማል። ወደ 33 ስንሻገር ፖዘቲቩን 30 ዲግሪ ወደ ኋላ፣ ኔጌቲቩን 30 ዲግሪ ወደ ፊት እናዞራለን። ሁለቱን በአንድ አቅጣጫ ካዞርክ ውጤቱ በሙሉ ይበላሻል። ዜሮ ሲኩዌንሱን ጣለው፤ አልተሻገረም።

```
IA = 2.5∠-30 + 2.5∠30   = 4.33
IB = 2.5∠210 + 2.5∠150  = -4.33
IC = 2.5∠90  + 2.5∠270  = 0
```

እዚህ በ33 ኪሎ ቮልት ቤዝ ከረንቱ 175 አምፔር ነው፤ ስለዚህ በA 758 አምፔር ይገባል፣ በB ያው 758 ይመለሳል፣ C ባዶ ነው። ድምሩ ዜሮ ስለሆነ የምድር ፎልት ሪሌዩ የሚይዘው ነገር የለም። Dyn1 ቢሆን ኖሮ ጥንዱ A እና C ይሆን ነበር።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። የዴልታው ጥቅልል 33፣ የስታሩ 6.35 ኪሎ ቮልት ይሸከማል። ሬሾው 5.196 ነው፤ 3,940ን በዚህ ስታካፍል 758 ካልመጣ ማዞሩ ላይ ተሳስተሃል።

4. ኒውትራሉ ላይ ሬዚስተር ካለ

ችግሩ የሚከፋው እዚህ ነው። ኒውትራሉ በ6.35 ኦም ሬዚስተር ምድር ይግባ። የ11 ኪሎ ቮልቱ ቤዝ ኢምፒዳንስ 12.1 ኦም ስለሆነ ይህ 0.525 ፐር ዩኒት ነው። በኒውትራሉ የሚያልፈው የI0 ሦስት እጥፍ በመሆኑ በስሌቱ ውስጥ ሦስት ጊዜ ይገባል።

```
Z  = 1.574 + j0.40,  |Z| = 1.62
If = 3 / 1.62 = 1.85  (970 A)
```

በ33 በኩል 187 አምፔር ብቻ ይታያል። የትራንስፎርመሩ ሙሉ ጭነት ራሱ 175 አምፔር ነው! የጭነቱ ከረንት ሲደመርበት ቁጥሩ ከፍ ቢልም፣ ከሙሉ ጭነት በላይ የተስተካከለ ኦቨርከረንት ሪሌይ ይህን ከተራ ጭነት መለየት ይቸግረዋል። ሬዚስተሩ ደግሞ ይህን ከረንት የሚችለው ለተወሰኑ ሰከንዶች ብቻ ነው።

ስለዚህ ከረንት ትራንስፎርመሩን ኒውትራሉን ከምድር በሚያገናኘው ሽቦ ላይ አድርገው፤ 970ው አምፔር በሙሉ የሚያልፈው በዚያ ነው። የዚያ ሪሌይ ትእዛዝ የ11 ኪሎ ቮልቱን ብሬከር ብቻ ቢከፍት አይበቃም። ፎልቱ በጥቅልሉና በብሬከሩ መካከል ከሆነ የሚመግበው 33ቱ ነውና እሱንም መክፈት አለበት።