ዓይናፋር ለሆናችሁ የሒሳብ ባለሙያዎች

የሙያ ስብሰባ ላይ ሰው ለመተዋወቅ፣ ከሥራችሁ የከበዳችሁን አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ። አዲስ አበባ የምትሠራ አንዲት የሒሳብ ባለሙያ ጓደኛ አለችኝ፤ በጣም ዓይናፋር ናት። የመጀመሪያ ስብሰባዋ ላይ፣ በሻይ ዕረፍት ብቻዋን የቆመች ኦዲተር አየች። ጠጋ ብላ፣ «የ2 ዓመት የቢሮ ኪራይ ሙሉውን ገና ስንገባ ከፍለናል። በአይኤፍአርኤስ 16 የኪራይ ዕዳ እንመዘግባለን?» አለቻት።

«ቀሪ ክፍያ ከሌለ ዕዳ የለም። የከፈላችሁት የመጠቀም መብት ተብሎ በሀብት ይመዘገባል፤ ከዚያ በኪራዩ ዘመን እርጅና ይታሰብለታል» አለቻት። ወሬው በዚያው ቀጠለ።

ጥያቄው ጠባብ ስለሆነ መልሱ ቀላል ነው። የደንበኛ ስምና ቁጥር ግን አታንሱ። ስልክ ተቀባበሉና በማግስቱ ጥያቄው ምን ላይ እንደደረሰ ጻፉላቸው። እሷ እንዲያ አድርጋ፣ በዓመት መዝጊያ ኦዲተሯ ራሷ ደወለችላት።