ከሰሉ ቀልቷል፣ ጭስም የለውም፣ ታዲያ ራሴን ለምን አመመኝ?

ጎንደር ላይ ክረምቱ ሲገባ፣ ደግሞም በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ሲበርድ፣ የከሰል ምድጃው ከደጅ ወደ ቤት ይገባል። ቡና ተፈልቶ ፍሙ ገና ቀይ እያለ ማን ያወጣዋል? መብራት የጠፋ ቀን ደግሞ እራቱም የሚሠራው እዚያው ላይ ነው። ስለዚህ ከሰል ተዉ አልላችሁም። ቤት ውስጥ ሲነድ ምን ምልክት እንደሚያሳይ፣ ምልክቱ ከምን እንደሚመጣና ምን መደረግ እንዳለበት ግን አንድ በአንድ እንየው።

ችግር፦ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ጉልበት መክዳት

አብዛኛው ሰው ይህን ሲሰማው ምች ነው፣ ብርድ ነው፣ ጉንፋን ሊይዘኝ ነው ይላል። ምድጃው ጭስ ስለሌለው ማንም አይጠረጥረውም። ትልቁ ስህተትም ይኸው ነው። የሚታየው ጭስ ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፣ ሰውም ሸሽቶት ይወጣል። ሰው የሚገድለው ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ከሰሉ ሲያያዝ ይወጣል፣ ደህና ሲቀላም ይወጣል፣ አመድ ለብሶ ረመጥ ሲሆንም አያቆምም።

ጋዙ ከአየር ጋር ወደ ሳንባ ይገባና ከዚያ ወደ ደም ያልፋል። ኦክስጅን መያዝ ያለበትን ቦታ ከኦክስጅን 200 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ይይዘዋል። አንዴ ከያዘ ቶሎ አይለቅም። ለዚህ ነው ሰውዬው እየተነፈሰ አየር የሚያጥረው። ጎንደር ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ከቆላው የሳሳ ነው፣ ስለዚህ ሰውነት በቀላሉ ይጎዳል። እርጉዝ ሴት፣ ሕፃንና የልብ ሕመም ያለበት ሰው ከሁሉም በፊት ይጎዳሉ።

እንዴት ትለዩታላችሁ? ማራኪ አካባቢ ያለች አንዲት የኪራይ ክፍል እናስብ። ሦስት ሜትር በአራት ናት፣ አንድ መስኮት አላት፣ ብርድ እንዳይገባ ከበሩ ሥር ጨርቅ ተወትፏል። ባልና ሚስት ከአራት ዓመት ልጃቸው ጋር ማታ አንድ ሰዓት ላይ ቡና ይጠጣሉ። ሦስት ሰዓት ላይ እናትየው ራሷን ያማታል። ባልየው ተነስቶ ሲቆም እግሩ አልታዘዝ ይለዋል። ልጁ ያለወትሮው ፈዝዟል፣ በጊዜ ሊተኛ ነው። ጉንፋን ቢሆን ሦስቱን በአንድ ሰዓት ልዩነት አይይዝም። በር ከፍተው ደጅ ወጥተው ትንሽ ሲቆዩ ሕመሙ ቀለል ካለ፣ ተመልሰው ሲገቡ ደግሞ ከተነሳ፣ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ፣ ከሰሉ ነው።

መፍትሄው፦ መጀመሪያ ሁሉም ሰው ይውጣ። በርና መስኮት ይከፈት። ምድጃው የሚወጣው ከሰዎቹ በኋላ ነው፣ ያውም ያላዞረው ሰው ያውጣው። ልጁን «ይተኛ፣ ደክሞት ነው» ብላችሁ አትተዉት፣ ቀስቅሱት። ያን ሌሊት ምድጃው ወደዚያ ክፍል አይመለስ። ራስ ምታቱ ካልለቀቀ፣ ወይም ከመካከላቸው እርጉዝ ወይም ሕፃን ካለ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ከዚህ በኋላስ? ከሰሉን ደጅ ወይም በረንዳ ላይ አያይዙ። ቡናውም እዚያው ወይም በሩ አፍ ላይ ቢፈላ ይሻላል። የግድ ቤት ውስጥ ከሆነ ፍሙ እስካለ ድረስ በሩም መስኮቱም ይከፈቱ፣ አየሩ በአንዱ ገብቶ በሌላው እንዲወጣ። አንዱን ብቻ ገርበብ ማድረግ በቂ አይደለም። ውኃ በሳህን አጠገቡ ማስቀመጥም ጋዙን አይይዘውም። ከመተኛት በፊት ደግሞ ምድጃው መውጣት አለበት፣ እዚህ ላይ ድርድር የለም። ብርዱን ለመቋቋም በዚያው ፍም ደጅ ላይ ውኃ አሙቁ፣ ያልፈላ ሙቅ ውኃ በጠርሙስ ሞልታችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ እግር ሥር አድርጉ፣ ጋቢም ደርቡ። የጥምቀት ሰሞን እንግዳ ሲበዛ አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሰባት ሰው ይተኛል። እንግዳው ስለበረደው ብቻ ምድጃ አብሮት እንዳያድር በተለይ ያን ጊዜ ተጠንቀቁ።

ችግር፦ ሰው ሲጠሩት አይነቃም

ይህ ከባዱ ነው። በሩን ከፍታችሁ፣ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ግቡና ጎትታችሁ አውጡት። እዚያ ቆማችሁ ለመቀስቀስ አትሞክሩ፣ ለማዳን የገባ ሰው አብሮ ሊወድቅ ይችላል። ደጅ ላይ እየተነፈሰ ከሆነ በጎኑ አስተኙት። ካልተነፈሰ የሚያውቅ ሰው ደረቱን እየተጫነ ትንፋሽ ይስጠው። ወተት፣ ውኃ፣ ሎሚ በአፉ አታፍስሱ። ራሱን ለሳተ ሰው ወደ ሳንባው ይገባል እንጂ ጋዙን አያስወጣለትም።

ሐኪም ቤት ስትደርሱ መጀመሪያ የምትናገሩት «ከሰል እየነደደ ዘግተው ተኝተው ነበር» የሚለውን ነው። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ደም ከጤነኛው ለይቶ ስለማያውቅ ቁጥሩ ደህና ሊመስል ይችላል። ሕክምናው በጭምብል የሚሰጥ ኦክስጅን ነው። በተራ አየር በደም ውስጥ ያለው ጋዝ በግማሽ እንዲቀንስ አራት አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ በንጹሕ ኦክስጅን ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ይወርዳል። ስለዚህ «ነቅቷል፣ ተመስገን» ብላችሁ ወደ ቤት አትመልሱት። የነቃ ሰውም መታየት አለበት፣ የማስታወስ ችግር ቆይቶ ከቀናት በኋላ ሊመጣ ይችላልና።

ችግር፦ ከሰሉ እየፈነዳ ፍንጣሪ ይረጫል

ከሰሉ እርጥብ ነው። ከቅዳሜ ገበያ በክረምት የተገዛ ማዳበሪያ ብዙ ጊዜ ዝናብ የመታው ነው። ውስጡ የገባው ውኃ ሲሞቅ እንፋሎት ሆኖ ከሰሉን ይፈነቅለዋል። ፀሐይ ሲወጣ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ከዚያ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ ዝናብ በማያገኘው ቦታ፣ ከምድጃው ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ቡና ሲፈላ ደግሞ ወለሉን ተመልከቱ። ጠዋት የተጎዘጎዘ ቄጤማ ማታ ደርቋል፣ አንድ ፍንጣሪ ይበቃዋል። የምድጃውን ዙሪያ ክንድ ያህል ከቄጤማ አጽዱት፣ ምድጃውንም በሰሌን ላይ ሳይሆን በብረት ትሪ ወይም በሸክላ ላይ አስቀምጡት። መጋረጃና አጎበርም በንፋስ ተነስተው እንዳይደርሱበት። የነጠላችሁን ጫፍ ሰብስቡ። እሳቱ አልያያዝ ሲል ነጭ ጋዝ ወይም ቤንዚን በፍሙ ላይ የሚያርከፈክፍ ሰው አለ፣ ነበልባሉ ፍሰቱን ተከትሎ እጅ ላይ ይደርሳል።

ችግር፦ ከአመድ የተነሳ እሳት

ፍም አመድ ውስጥ ተቀብሮ ከአንድ ቀን በላይ ሊቆይ ይችላል። ላዩን ስትነኩት ቀዝቅዟል። በላስቲክ ባልዲ ወይም በማዳበሪያ ስትደፉት ግን ከሥር ያለው አየር ያገኝና ይነሳል። አመዱን ክዳን ባለው ብረት ዕቃ አድርጋችሁ ደጅ አሳድሩት፣ ስትጥሉትም ውኃ አርከፍክፉበትና በእንጨት አማስሉት። የተረፈውን ፍም ለነገ ማትረፍ ከፈለጋችሁ ደጅ ላይ ክዳኑ ግጥም በሚል አሮጌ ድስት አፍኑት፣ አየር ሲያጣ ይጠፋል። ቀዩ ምድጃ ላይ ውኃ አትድፉ፣ እንፋሎቱ ከአመዱ ጋር ፊት ላይ ይመጣል። የታፈነው ከሰል ወደ ማዳበሪያው የሚመለሰው በማግሥቱ፣ መቀዝቀዙ በእጅ ተይዞ ከተረጋገጠ በኋላ ነው።