ፎቶ ላይ የሚታይ የስንዴ ዘር እንከን፦ ነጭ ብናኝ፣ ቀዳዳና የቀጨጨ ፍሬ

ሐምሌ ሲገባ በሰንዳፋና በሱሉልታ አካባቢ የሚዘሩ ሰዎች ከገበያ የገዙትን ስንዴ በእጃቸው ዘግነው፣ በስልካቸው ፎቶ አንስተው፣ «ይህ ለዘር ይሆናል?» እያሉ ይልኩልኛል። ዘንድሮ ከሰንዳፋ ወጣ ብሎ የሚያርሱ አንድ አዛውንት 4 ኩንታል ገዝተው፣ ከአንዱ ጆንያ አፍ ላይ ያነሱትን ሦስት ፎቶ ላኩልኝ። «ልጄ፣ ነጭ ነጭ ነገር አለበት፤ ሻግቷል መሰለኝ» አሉኝ። እኔም ፎቶውን አይቼ ሻጋታ መስሎኝ ነበር፤ ሁለታችንም ተሳስተናል። ከዚህ በታች የማስረዳው በዚያው ስንዴ ላይ እያንዳንዱ ምልክት በፎቶ እንዴት እንደሚለይ፣ ከምን እንደሚመጣና ምን እንደሚደረግለት ነው።

ችግር፦ ፎቶው ራሱ ደብዝዟል፣ ወይም ሁሉም ፍሬ የታመመ ይመስላል

መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ እህሉ ሳይሆን አነሳሱ ነው። የስልኩ መብራት ፊት ለፊት ሲያርፍ ጥላውን ስለሚያጠፋው ቀዳዳው ተራ ነጥብ ይመስላል፤ ብርሃን የመታው የፍሬው ገጽ ደግሞ እየነጣ ዱቄት የነካው ይመስላል። በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ የተላከ ምስል ተጨምቆ ስለሚደርስ፣ አንድ ሚሊ ሜትር የሚያህል ቀዳዳ ጠርዙ ይጠፋል። ሌላው ስሕተት ፍሬዎቹን እንደወደቁ ማንሳት ነው። ስንዴ በሆዱ በኩል ቦይ ስላለው፣ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ የተኛ ጤነኛ ፍሬ ሁሉ የቀጨጨ ይመስላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከአንድ ጆንያ አፍ ሳይሆን ከሁሉም ጆንያ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ትንሽ ትንሽ ወስዶ ማደባለቅ፤ ከተደባለቀው ላይ ሳይመርጡ 100 ፍሬ ቆጥሮ በጥቁር ጨርቅ ላይ ጀርባቸውን ወደ ላይ አድርጎ መደርደር፤ ከጎን ማስመሪያ ማስቀመጥ፤ የስልኩን መብራት አጥፍቶ በበር በኩል ከአንድ ጎን በሚገባ የቀን ብርሃን ማንሳት፤ ከዚያም ፍሬዎቹን ገልብጦ መድገም። ሲላክም በቴሌግራም `File` በሚለው በኩል ቢላክ ምስሉ ሳይጨመቅ ይደርሳል። ሳይመርጡ የሚለውን ደግሜ የማነሳው፣ ሰው ሳያስበው እጁ ወደ መጥፎው ፍሬ ስለሚሄድና ግምቱን ሁሉ ስለሚያዛባው ነው።

ችግር፦ ፍሬው ላይ ነጭ ነገር ይታያል

ነጩ ነገር ሻጋታ ወይም ነቀዝ ያወጣው ዱቄት ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱን የሚለየው ከቀለሙ ይልቅ ያረፈበት ቦታ ነው። ሻጋታ የሚጀምረው ቡቃያው በሚወጣበት ጫፍ፣ በሆዱ ቦይ ውስጥና በተሰነጠቀው ቦታ ነው፤ በቅርብ ሲታይ እንደ ስስ ጠጉር ነው፣ ሲቆይም አብዛኛውን ጊዜ ወደ አረንጓዴ ሰማያዊ ይለወጣል፤ ፍሬዎቹንም እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። የነቀዝ ዱቄት ግን ቦታ አይመርጥም፤ በፍሬው ጀርባም፣ በጨርቁም ላይ ተበትኖ ይገኛል። ጥርጣሬ ካለ አንድ ፎቶ አንስቶ፣ ፍሬዎቹን እፍ ብሎ፣ ሳያንቀሳቅሱ ሁለተኛ ማንሳት ይበቃል። ዱቄቱ ይበናል፤ ሻጋታው እንደያዘ ይቀራል። አዛውንቱ ይህን ሲያደርጉ ነጩ ነገር ከሞላ ጎደል በሙሉ ጠፋ፤ በጨርቁ ላይም ብናኙ ብቻ ቀረ።

ሻጋታ ሆኖ ቢገኝ መንስኤው እርጥበት ነው፤ ሳይደርቅ የታጨደ፣ በባዶ መሬት ላይ የተቀመጠ ወይም ግድግዳ ተደግፎ የተደረደረ ጆንያ ነው። እርጥበቱን በቤት ለመገመት የደረቀ ጠርሙስ ሲሶውን በእህሉ መሙላት፣ ሁለት ሦስት ማንኪያ በደንብ የደረቀ ጨው መጨመር፣ ደህና አድርጎ ነቅንቆ ሩብ ሰዓት ማቆየት ነው። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ ለማከማቸት የሚፈለገው ደግሞ 13 በመቶና ከዚያ በታች ነው። መፍትሔው በሸራ ላይ ስስ አድርጎ እያገላበጡ ማስጣት፣ ከዚያም ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ከግድግዳ አርቆ መደርደር ነው፤ በሐምሌ ፀሐይ የሚገኘው በስርቆት ቢሆንም። ይህ የሚረዳው ግን ሻጋታው እንዳይስፋፋ ብቻ ነው። የሻገተውን ማጠብም ሆነ መቀቀል ሻጋታው የሚያወጣውን መርዝ አያጠፋውም፤ ስለዚህ ለምግብም ለከብትም አይውልም። በአንጻሩ መርዙ ራሱ በፎቶ አይታይም፤ ጥርት ያለ ፎቶ «ይህ እህል መርዝ የለበትም» የሚል ማስረጃ አይሆንም። ኖራ መስሎ የነጣ፣ አንዳንዴም ሮዝ ቀለም የነካው የቀጨጨ ፍሬ ከታየ፣ በማከማቻ የመጣ ሳይሆን አዝመራው በማሳ ሳለ ዛላውን የመታ የፉዛርየም ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል እሱም ተለይቶ ይወጣል።

የፍሬው አንድ ጫፍ ብቻ ጠቁሮ ሌላው ገላው ንጹህ ከሆነ ግን ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም፤ በመብሰያው ወቅት ዝናብ የነካው ስንዴ እንዲህ ይሆናል፣ አብዛኛውን ጊዜም ይበቅላል።

ችግር፦ ፍሬው ላይ ጥቁር ነጥብ ወይም ቀዳዳ ይታያል

መጀመሪያ ነጥቡ ቀዳዳ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ፍሬው ሳይነካ ብርሃኑ አንዴ ከግራ፣ አንዴ ከቀኝ እንዲመጣ አድርጎ ሁለት ጊዜ ማንሳት ነው። ቀዳዳ ከሆነ በውስጡ ያለው ጥላ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ይዞራል፤ እድፍ ከሆነ ግን በሁለቱም ፎቶ ላይ ባለበት ይቆያል። በመውቂያ የተሰበረ ፍሬም ከቀዳዳ ጋር ይምታታል፤ ስብራቱ ግን ጠርዙ ሹል ነው፣ ውስጡም ንጹህ ነጭ ሆኖ ይታያል። የነቀዝ ቀዳዳ ክብ ሆኖ ዙሪያው ትንሽ የተቀረጠፈ ሲሆን ውስጡ ጨለማ ነው።

ይህ ቀዳዳ ነቀዙ የገባበት ሳይሆን የወጣበት ነው፤ ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ነው። እናቲቱ ፍሬውን በአፏ ፈልፍላ እንቁላሏን ታስቀምጥና በራሷ ፈሳሽ ትደፍነዋለች፤ ያ ድፍን በስልክ ፎቶ አይታይም። ትሉ ከውስጥ ሆኖ ዱቄቱን ይበላል፣ ሙሉ ነቀዝ ሲሆን ቆዳውን በስቶ ይወጣል። በሞቃት አገር ይህ ሁሉ በወር ገደማ ያልቃል፤ በእኛ ደጋ ቅዝቃዜው ያዘገየዋል፣ ሆኖም ከቆላ የመጣ እህል ትሉን ይዞ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ በፎቶ የተቆጠረው ቀዳዳ ያለፈውን ጉዳት እንጂ ገና የሚወጣውን አይነግርም።

የአዛውንቱ 100 ፍሬ ሲቆጠር 6ቱ የተበሱ፣ 14ቱ የቀጨጩ፣ 2ቱ ጫፋቸው የጠቆረ፣ 78ቱ ንጹህ ነበሩ። እሳቸው ደስ አላቸው። «ጋሼ፣ ገና ነው፤ ንጹህ የተባሉትን ውኃ ውስጥ ይጨምሯቸው» አልኳቸው። ጤነኛ ስንዴ ይሰምጣል፣ ውስጡ የተበላ ይንሳፈፋል። ከ78ቱ 11 ተንሳፈፉ። በምላጭ ሲሰነጠቁ በ9ኙ ውስጥ እግር የሌለው ነጭ ትል ወይም ባዶ ጉድጓድ ተገኘ፤ ሁለቱ ምንም አልነበረባቸውም፤ አየር ይዘው መሆን አለበት።

መፍትሔው እህሉ ለምን እንደተፈለገ ይወሰናል። ተቀማጭ ከሆነ አድርቆ፣ አበጥሮ፣ አየር በማያስገባው ባለ ሦስት ሽፋን ጆንያ ውስጥ ሁለቱን የውስጥ ላስቲኮች ለየብቻ አጥብቆ ማሰር ነው፤ ውስጥ ያለው ነቀዝ አየር አጥቶ ይሞታል። እርጥብ እህል እንዲህ ከታሰረ ግን በሻጋታ ይበላሻል። ሰው በሚተኛበት ቤት የነቀዝ ክኒን መጠቀም ፈጽሞ አይገባም፤ የሚያወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። ወዲያው የሚዘራ ከሆነ ግን ነቀዙን መግደል ዋናው ጉዳይ አይደለም፤ ስንቱ ይበቅላል የሚለው ነው።

ችግር፦ ፍሬው ቀጭን፣ የተጨማደደ ነው

በጀርባው ተኝቶ ሳይሆን በሆዱ ተኝቶ፣ ጀርባው ወደ ላይ ሆኖም ከተጨማደደ እውነተኛ ነው። ይህን ማከማቻ አያመጣውም፤ ፍሬው በሚሞላበት ወራት ቢጫ ዋግ ወይም ግንድ ዋግ ተክሉን መትቶት፣ ዝናብ ቀድሞ ተቋርጦ ወይም በሱሉልታ ሜዳ እንደሚሆነው ውርጭ አግኝቶት ነው። ከፎቶው ብቻ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም፤ ሻጩን የት እንደታጨደ መጠየቅ ይሻላል። መቅጨጩን በሚዛን ማረጋገጥ ይቻላል፤ ወርቅ በሚመዝን ዓይነት ትንሽ ሚዛን 100 ጥሩ የስንዴ ፍሬ ከ3.5 እስከ 4 ግራም ይመዝናል። የቀጨጨ ፍሬ ሊበቅል ይችላል፤ ቡቃያው ግን ስንቁ አነስተኛ ስለሆነ ጥልቅ ከተቀበረ ከአፈር አይወጣም። መንፋትና ማበጠር እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም።

አዛውንቱ ከተደባለቀው ሌላ 100 ፍሬ ሳይመርጡ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው በስምንተኛው ቀን ሲቆጥሩ 69 በቅሎ አገኙ። ከዚያ በኋላ 4ቱን ኩንታል በነፋስ አበጥረው በወንፊት ነፉት፤ 70 ኪሎ ያህል ወጣ፣ 330 ኪሎ ቀረ። የተበሳው ቀላል ስለሆነ አብዛኛው ከገለባው ጋር ሄደ፤ ትል በውስጡ ያለው ግን ከፊሉ ቀርቷል፤ ለዚህም ነው ከተበጠረው ላይ የተደረገው ሁለተኛው የማብቀል ሙከራ ከ100 78 እንጂ ከዚያ በላይ ያልሆነው።

እኔ ለበትን የምይዘው ስሌት 85 በመቶ ለሚበቅል ዘር በሄክታር 150 ኪሎ ነው። 150 በ85 ተባዝቶ ለ78 ሲካፈል 163 ኪሎ ገደማ ይመጣል፤ ሳይበጠር ቢዘራ ኖሮ 185 ኪሎ ይፈልግ ነበር። የቀረው 330 ኪሎ ለሁለት ሄክታር በቃ፤ ለቀሪው ግማሽ ሄክታር ሌላ ዘር ገዙ፣ ይህን ጊዜ ግን ከመክፈላቸው በፊት ከየጆንያው ዘግነው ውኃ ውስጥ ጨመሩት። ሻጋታም ሽታም ያልነበረበትን ግርድ ለዶሮ አዋሉት፤ ይህ የተቻለው የዘር መድኃኒቱ ሳይታሽ በፊት ስላበጠሩት ነው፤ መድኃኒት ከነካው በኋላ የሚወጣው ግርድ ለዶሮም አይሆንም።