ትርፉ ዜሮ የሆነ ጁስ ቤት ዲያግራም እንዴት ይሳላል?

ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ ጁስ ቤት ከፍተሃል እንበል። ጎረቤትህም ከፍቷል። የአንተ ስፕሪስ ወፈር ይላል፣ የሱ ቤት ጥላው ደህና ነው። 5 ብር ብትጨምር ከፊሉ ደንበኛ እሱ ጋ ይገባል፣ ሁሉም ግን ጥሎህ አይሄድም። ሞኖፖሊስቲክ ውድድር የሚባለው ይሄ ነው። የረጅም ጊዜ ሚዛኑን እንሳለው፤ ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ ብዬ ነው የመረጥኳቸው።

መጀመሪያ ወጪውን ሳል። አግድም በቀን የሚሸጠው ብርጭቆ፣ ወደ ላይ ብር። አማካይ ወጪው እንደ ዩ ፊደል ይወርድና መልሶ ይወጣል። ዝቅተኛው ነጥቡ 120 ብርጭቆ ላይ 68 ብር ይሁን። ማርጂናል ወጪው፣ ማለትም አንድ ተጨማሪ ብርጭቆ የሚጠይቀው ወጪ፣ ሽቅብ ሲወጣ አማካዩን እዚያው ነጥብ ላይ ይቆርጠዋል።

ከዚያ የፍላጎት መስመሩን ከ92 ብር አስነስተህ ቁልቁል ሳበው። ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው፦ አማካይ ወጪውን ሳይቆርጥ አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ነክቶት ይለፍ። በእኛ ምሳሌ የሚነካው 80 ብርጭቆ ላይ በ72 ብር ነው። ማርጂናል ገቢውም፣ ማለትም አንድ ተጨማሪ ብርጭቆ የሚያስገባው ብር፣ ከ92 ይነሳል፣ ግን በእጥፍ ፍጥነት ይወርዳል።

አሁን ፈትሽ። ማርጂናል ገቢና ማርጂናል ወጪ የሚገናኙት ከንክኪው ነጥብ ልክ ሥር፣ 80 ላይ በ52 ብር መሆን አለበት። ወደ ጎን ከሸሸ ስዕሉ ተሳስቷል፤ አጥፍተህ ድገመው።

ለምን መንካት ብቻ? መስመሩ ከአማካይ ወጪው በላይ የሚያልፍበት ቦታ ካለ ትርፍ አለ ማለት ነው፣ ትርፍ ካለ ደግሞ ሌላ ሰው አጠገብህ ይከፍትና ደንበኛህን ይካፈልሃል፣ መስመርህም ወደ ግራ ይሸሻል። ሙሉ በሙሉ ከሥር ከሆነ ደግሞ አንዱ ከስሮ ይዘጋል። ግፊያው የሚቆመው ንክኪው ላይ ነው። 80 ሲባዛ በ72፣ ገቢም ወጪም 5,760 ብር። ዜሮ ትርፍ ሲባል ግን ባዶ ኪስ አይደለም። የራስህ ደሞዝና ገንዘብህ ሌላ ቦታ ቢሠራ የሚያመጣው ሁሉ ወጪው ውስጥ ገብቷል።

ከ80 እና ከ120 ቀጥ ያለ ነጠብጣብ መስመር ወደ ታች ጣል። በመሃል ያለው 40 ብርጭቆ ትርፍ አቅም ይባላል፤ ማቀላቀያውም አስተናጋጁም እያሉ ያልተሠራ ጁስ ነው። ብዙ ተማሪ ንክኪውን የዩው እግር ላይ ያደርገዋል። እዚያ የሚነካው አግድም የተኛ መስመር ነው፣ እሱ ደግሞ የፍጹም ውድድር ስዕል ነው። ቁልቁል የሚሄድ መስመር መንካት የሚችለው ዩው ገና እየወረደ ሳለ ብቻ ነው።

ብክነት ነው ወይ? እኔ ሙሉ በሙሉ አልልም። ጠጪው በብርጭቆ 4 ብር ጨምሮ የሚገዛው ምርጫ አለ፤ አንዱ ጥላውን ይፈልጋል፣ ሌላው ወፍራሙን ስፕሪስ። አንድ ተጨማሪ ብርጭቆ ለመሥራት 52 ብር ይበቃል፣ የሚሸጠው ግን 72 ነው። በር ላይ የቆመው ልጅ አላፊ አግዳሚውን «ግቡ፣ ግቡ» የሚለው ለዚህ ነው።