«18 በመቶ» የተባለው ብድር ለምን 26 በመቶ ይሆናል? ችግርና መፍትሄ

ምልክት፦ የፈረምኩት 100,000 ነው፤ ሒሳቤ ውስጥ የገባው 96,000

ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ልብስ የምትሸጥ ነጋዴ ለበዓል ዕቃ ልታስገባ ብላ 100,000 ብር ትበደራለች እንበል። ውሉ ላይ ያለው ወለድ በዓመት 18 በመቶ ነው። የሚሰላው በቀሪ ዕዳ ላይ ሲሆን በ12 እኩል ወርሃዊ ክፍያ ይመለሳል፤ በየወሩ 9,168 ብር መሆኑ ነው። ገንዘቡ ሲለቀቅላት ግን 3,000 ብር የአገልግሎት ክፍያ፣ 1,000 ብር ደግሞ የብድር መድን ተብሎ አስቀድሞ ተቆርጧል። ስትጠይቅ «እህቴ፣ ወለዱማ ያው 18 ነው፤ ይሄ አንዴ ብቻ የሚከፈል ነው» ይሏታል።

የነገሯት ውሸት አይደለም። ወለዱ 18 ነው። ብድሩ የሚያስወጣት ግን በዓመት 26 በመቶ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው።

ምክንያት

ብዙ ሰው እዚህ ላይ 18ን አስቀድሞ ከተቆረጠው 4 በመቶ ጋር ይደምርና «እንግዲህ 22 ነው» ብሎ ይተወዋል። ስህተቱ ያለው እዚሁ ድምር ላይ ነው። 18ቱ የዓመት ተመን ነው፤ ገንዘቡ እጅዎ ላይ በቆየበት ጊዜ ልክ ይቆጠራል። 4ቱ ግን ጊዜን አያውቅም፤ ገና በመጀመሪያው ቀን ሙሉውን ተወስዷል። ሁለቱን ለመደመር መጀመሪያ 4ቱን ወደ ዓመት መለወጥ ያስፈልጋል።

ለዚህ ደግሞ ገንዘቡ በእርግጥ ስንት ጊዜ እጇ ላይ እንደቆየ ማየት ነው። ብድሩ «የአንድ ዓመት» ይባል እንጂ ነጋዴዋ 100,000ውን ዓመት ሙሉ አልያዘችውም። ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ዋናውን እየቀነሰች ትመልሳለች፤ ስድስተኛውን ክፍያ ስትከፍል የቀረባት ዕዳ 52,232 ብር ገደማ ነው። አንዱ ብር አንድ ወር፣ ሌላው 12 ወር ይቆያል፤ በአማካይ ሲታይ እያንዳንዱ ብር እጇ ላይ የሚቆየው 6 ወር ተኩል አካባቢ ነው። ስለዚህ 4 በመቶው የተከፈለው ለግማሽ ዓመት ያህል ነው። ወደ ዓመት ሲቀየር ወደ እጥፍ ይጠጋል።

መፍትሄ፦ በኪስ ስሌት፣ ቀጥሎ በስልክ

ከመፈረምዎ በፊት ወረቀት ላይ እንዲህ ያድርጉ። የክፍያዎቹን ቁጥር በአንድ ይጨምሩና ለሁለት ያካፍሉ፤ 12 ክፍያ ከሆነ 13 ለ2፣ ማለትም 6.5 ወር። ከዚያ የቅድሚያ ክፍያውን መቶኛ በ12 አባዝተው ለዚሁ ያካፍሉት፤ 4 ሲባዛ በ12፣ ሲካፈል ለ6.5 ወደ 7.4 ይመጣል። 18ን ሲደምሩበት 25.4 በመቶ ነው። ይህ መንገድ በእኩል ወርሃዊ ክፍያ ለሚመለስ ብድር የሚሠራ ሲሆን ከትክክለኛው ትንሽ ዝቅ ይላል። ለመወሰን ግን ይበቃል።

ትክክለኛውን ለማግኘት ስልክዎ ላይ ኤክሴል ወይም ጉግል ሺትስ ከፍተው አንድ ሳጥን ውስጥ ይህን ይጻፉ፦

```
=RATE(12,-9168,96000)*12
```

ውጤቱ 25.94 በመቶ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር የክፍያው ብዛት፣ ሁለተኛው ወርሃዊ ክፍያው፣ ሦስተኛው እጅዎ የገባው ገንዘብ ነው። ሦስተኛው ቦታ ላይ ውሉ ላይ ያለውን 100,000 ካስገቡ መልሱ ተመልሶ 18 ይሆንብዎታል፤ አበዳሪው የሚነግርዎትም ይህንኑ ነው። ወርሃዊ ክፍያው ፊት የመቀነስ ምልክት ካልኖረ `#NUM!` ይላል፤ ገንዘብ ወደ እርስዎ ሲገባና ከእርስዎ ሲወጣ ምልክቱ መለየት አለበት። ሳጥኑ 26% ብቻ ካሳየዎት ደግሞ አሃዙን አጠጋግቶት ነው፤ የነጥብ ቦታ ይጨምሩለት።

ቁጥሩን ለማመን የሚከብደው ሰው የመጀመሪያውን ወር በእጁ ያስላ። 25.94 ለ12 ሲካፈል በወር 2.16 በመቶ ገደማ ነው። 96,000 ብር በዚህ ተመን በመጀመሪያው ወር 2,075 ብር ያህል ይወልዳል፤ ከ9,168ቱ ላይ ይህ ሲነሳ 7,093 ብር ከዋናው ላይ ይቀነሳል፣ 88,907 ይቀራል። በዚሁ ቢቀጥሉ 12ኛው ክፍያ ላይ ዕዳው ዜሮ ይሆናል። አበዳሪው የሚሰጥዎት የክፍያ ሰሌዳ ላይ የመጀመሪያው ወር ወለድ 1,500 ብር ነው የሚለው፤ የሚነሳው ከ100,000 ስለሆነ። ከእነዚያ ውስጥ 4,000ው ነጋዴዋ ጋር አንድም ቀን ሳያድር ወለድ ይታሰብበታል።

ይህ በውጭ አገር ኤፒአር የሚባለው ነው። አሜሪካ በ1968 ባወጣችው ሕግ አበዳሪው ከወለዱ ጎን ይህንን ቁጥር ለተበዳሪው እንዲያሳይ አስገድዳለች። እዚያ ወርሃዊው ተመን በ12 ይባዛል፤ አውሮፓውያን ግን ወለድ በወለድ ላይ አድርገው ስለሚያሰሉ የነጋዴዋ ብድር በእነሱ አቆጣጠር 29.3 በመቶ ይሆናል። ሁለት ብድር ሲያወዳድሩ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ስሌት ያውጡ እንጂ የትኛውም ይሁን ግድ የለም።

ምልክት፦ 18 በመቶ የሚያበድረውን መርጬ፣ 21 ከሚለው ወዳጄ በላይ ከፈልኩ

ምክንያቱ 21 የሚለው የቅድሚያ ክፍያ አለመቁረጡ ነው። በ21 በመቶ 100,000 ብር ሙሉውን የተቀበለ ሰው በወር 9,311 ብር ገደማ እየከፈለ በ12 ወር 111,737 ያህል ይመልሳል፤ የከፈለው ትርፍ 11,737 ነው። በ18 የተበደረችው ነጋዴ 96,000 ተቀብላ 110,016 ብር መለሰች፤ ትርፉ 14,016 ብር። ወርሃዊ ክፍያዋ በ143 ብር ስለሚያንስ ርካሽ የያዘች ይመስላታል፤ ዓይንን የሚያታልለውም ይሄ ነው።

ስለዚህ ሁለት ቦታ ሲጠይቁ «ወለዱ ስንት ነው?» ብቻ አይበሉ። «100,000 ብፈርም እጄ የሚገባው ስንት ነው? በወር ስንት፣ ለስንት ወር እከፍላለሁ?» ብለው ሦስቱን ቁጥር ያጽፉ። ገንዘቡ ሙሉ ገብቶልዎት የአገልግሎት ክፍያውን ለብቻው በጥሬ ብር ከፍለው ከሆነም ያው ነው፤ ከተቀበሉት ላይ ይቀንሱት። ለድርድር ከተቀመጡ ደግሞ ጉልበትዎን የአገልግሎት ክፍያው ላይ ያውሉት። በ12 ወር ብድር ላይ ከቅድሚያ ክፍያው አንድ በመቶ ማስቀነስ ከወለዱ ላይ 1.8 በመቶ ገደማ እንደማስቀነስ ነው።

ሦስቱ ቁጥሮች ሌላም ነገር ያጋልጣሉ። ወርሃዊ ክፍያው 9,168 መሆን ሲገባው 9,833 ብር ካሉዎት፣ 18ቱ የሚሰላው በቀሪ ዕዳ ላይ አይደለም፤ እስከ መጨረሻው ወር ድረስ በመጀመሪያው 100,000 ላይ ነው። ይህ ያለ ምንም የቅድሚያ ክፍያ 31.7 በመቶ ነው።

ምልክት፦ ለስድስት ወር ብቻ ነው የተበደርኩት፤ ቶሎ ስለምመልስ ይቀለኛል ብዬ ነበር

ባቲ የሰኞ ገበያ በሬ ገዝቶ ለበዓል የሚያደልብ ሰው ገንዘቡን ለዓመት አይፈልገውም። ያንኑ 100,000 በ18 በመቶ፣ በዚያው 4 በመቶ የቅድሚያ ክፍያ ለ6 ወር ይወስዳል። የሚከፍለው ጠቅላላ ወለድ በእርግጥ ያንሳል። 4,000ው ግን አላነሰም፤ አማካይ ቆይታው 3.5 ወር ብቻ በሆነ ገንዘብ ላይ ነው የተጫነው። የብድሩ እውነተኛ ዓመታዊ ተመን 32.5 በመቶ ይደርሳል። ያው ብድር ለ24 ወር ቢሆን 22.3 ነበር።

ይህ ግን ረጅሙን ብድር ይውሰዱ ማለት አይደለም፤ በብር ሲቆጠር ረጅሙ ብዙ ያስወጣል። ለአደላቢው የሚበጀው የአገልግሎት ክፍያው በመቶኛ ሳይሆን እንደ ጊዜው የሚተመንበትን ብድር መፈለግ ነው፤ ካጣም ከበሬው የሚያገኘውን ትርፍ ከ18 ጋር ሳይሆን ከ32.5 ጋር ማስተያየት። ወርሃዊ ክፍያው ከበሬው ሽያጭ በፊት መጀመሩንም ያስብበት፤ ላልተሸጠ በሬ ከኪሱ ነው የሚከፍለው።

ምልክት፦ ቁጠባ ተብሎ 10,000 ተያዘብኝ፤ «የራስህ ገንዘብ ነው» አሉኝ

የራስዎ መሆኑ እውነት ነው፤ ሲጨርሱ ይመለሳል። ግን 18 በመቶ እየከፈሉበት የቁጠባ ወለዱ ለምሳሌ 7 በመቶ ቢያስገኝልዎት ነው፤ ሥራ ላይም አላዋሉትም። በነጋዴዋ ምሳሌ ላይ ከ4,000ው ሌላ 10,000 ቢያዝ እጇ የሚገባው 86,000 ይሆናል፤ በዓመቱ መጨረሻ 10,700 ይመለስላታል። ተመላሹ አራተኛው ቦታ ላይ ይገባል፦

```
=RATE(12,-9168,86000,10700)*12
```

30.2 በመቶ ይወጣል። ቁጠባው ከመጀመሪያው ቀን ከሚቆረጥ በየወሩ በትንሽ በትንሹ እንዲያዝ ከተስማሙልዎት ተመኑ ይወርዳል፤ ጥያቄውን ከመፈረም በፊት ማንሳት ነው።

ምልክት፦ በሦስተኛው ወር ጠቅልዬ ከፈልኩ፤ ያተረፍኩት የለም

ነጋዴዋ ገበያ ሰምሮላት ሦስተኛውን ክፍያ ስትከፍል ቀሪውን 76,649 ብር አብራ ብትዘጋ የወደፊቱ ወለድ ይቀርላታል። 4,000ው ግን ተመልሶ አይመጣም። በሦስት ወር ውስጥ ስለተበላ የብድሩ እውነተኛ ተመን 36 በመቶ ይሆናል። ቀድሞ መክፈል አሁንም ይጠቅማታል፤ የተከፈለው ክፍያ ካለፈ በኋላ መታየት ያለበት የሚቀረው ወለድ ብቻ ነውና።

ጉዳቱ የሚከፋው አሮጌውን ዘግቶ ከፍ ያለ አዲስ ብድር ለመውሰድ ከሆነ ነው። ከአዲሱ 150,000 ላይ 76,649ው አሮጌውን ይዘጋል፤ 4 በመቶው ግን በ150,000 ሙሉ ላይ ይቆረጣል፤ 6,000 ብር። እጇ የሚገባው አዲስ ገንዘብ 67,351 ብር ብቻ ነው፤ ለዚያ 6,000 ማለት 9 በመቶ ያህል የቅድሚያ ክፍያ ነው። አሮጌውን እንደነበረ ትታ ለጎደላት ያህል ለብቻው ሁለተኛ ብድር መጠየቅ ትችል እንደሆነ ታረጋግጥ፤ ካልተቻለ አሮጌው የሚዘጋበት ገንዘብ ከአገልግሎት ክፍያው ስሌት ውጪ እንዲሆንላት ትጠይቅ፤ የተፈቀደውንም ውሉ ላይ ታስጽፍ።