ካሽ ቡክና የባንክ ስቴትመንት አልገጥም ሲሉ፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤው ወደ መፍትሄው

ወር ተዘግቶ የባንክ ስቴትመንቱ ሲመጣ ካሽ ቡኩ ላይ ካለው ቀሪ ጋር አንድ ዓይነት ቁጥር ካሳየ፣ እኔ ከመደሰት ይልቅ መጠርጠር ይቀናኛል። ሥራ ያለው ድርጅት እስከ ወሩ የመጨረሻ ቀን ድረስ ቼክ ይጽፋል፣ ገንዘብ ያስገባል። ባንኩም በበኩሉ የአገልግሎት ክፍያውን ሳይጠይቅ ይቆርጣል። ሁለቱ መዝገቦች አንዱን ነገር የሚሰሙት በተለያየ ቀን ስለሆነ ቢለያዩ አይገርምም። ችግር የሚሆነው ልዩነቱ ከምን እንደመጣ መናገር ሲያቅት ነው።

አንድ ጊዜ የሠራሁትን ማስታረቂያ ይዤ ልሂድ። በ30ኛው ቀን ካሽ ቡኩ 184,650 ይላል፤ ስቴትመንቱ ደግሞ 212,930። ልዩነቱ 28,280 ነው። ለሥራው አዲስ የሆነ ሰው ቶሎ ብሎ 28,280 የሚል ቼክ ወይም ደረሰኝ ፍለጋ ይገባል። እንዲህ ያለ ሰነድ የለም። ያ ቁጥር ግማሹ ወደ ላይ፣ ግማሹ ወደ ታች የሚጎትቱ የስምንት ነገሮች ውጤት ነበር። ስለዚህ ልዩነቱን ራሱን አትፈልጉት። እያንዳንዱን መስመር እያነሳችሁ «ይህን ያልሰማው ማነው፣ ባንኩ ወይስ እኛ?» ብላችሁ ጠይቁ። መፍትሄው ከዚህ መልስ ይወጣል።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ዴቢትና ክሬዲቱ የተገለባበጠ ከመሰላችሁ

ስቴትመንቱ የተጻፈው በባንኩ ዓይን ነው። እናንተ ያስገባችሁት ገንዘብ ለእናንተ ሀብት ነው፣ ለባንኩ ግን ዕዳ። ስለዚህ ካሽ ቡካችሁ ላይ ዴቢት ብላችሁ የመዘገባችሁት ገቢ ስቴትመንቱ ላይ ክሬዲት ሆኖ ይመጣል፤ የጻፋችሁት ቼክ ደግሞ ዴቢት ይሆናል። የእናንተን ዴቢት ከባንኩ ክሬዲት ጋር አመሳክሩ። ይህ ሳይገባው የጀመረ ሰው የባንክ ክፍያን ገቢ አድርጎ ሲመዘግብ አይቻለሁ።

ምልክት፦ ካሽ ቡክ ላይ አለ፣ ስቴትመንት ላይ የለም

መጀመሪያ ያለፈውን ወር ማስታረቂያ አውጡ። እዚያ ላይ «ገና ያልተከፈሉ» ተብለው የተዘረዘሩ ቼኮች አብዛኞቹ በዚህ ወር ስቴትመንት ላይ መውጣት አለባቸው። ይህን ሳያደርጉ የዚህን ወር ካሽ ቡክ ብቻ ይዞ መነሳት ሰውን ቀኑን ሙሉ ያዞረዋል፤ ባንኩ የከፈለው ቼክ እኛ ዘንድ የተመዘገበው ባለፈው ወር ነዋ። እሱ ካለቀ በኋላ የዚህን ወር መስመሮች አንድ በአንድ ምልክት እያደረጋችሁ ውረዱ። ምልክት ያላገኘው ባንኩ ገና ያልሰማው ነው።

በእኔ ምሳሌ አራት መስመሮች ተረፉ። ሦስቱ ቼኮች ናቸው፦ ቁጥር 0417 በ22,000፣ 0421 በ8,750፣ 0426 በ6,300፣ በድምሩ 37,050። ተቀባዮቹ ወስደዋቸዋል፣ ግን ገና ለባንክ አላቀረቧቸውም። አራተኛው በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ገቢ የተደረገ 15,400 ሲሆን ባንኩ የመዘገበው በማግስቱ ነው።

መፍትሄው መጠበቅ ነው። ምንም የጆርናል ምዝገባ አይደረግም፤ የእኛ መዝገብ ትክክል ነው። ማስታረቂያው ወረቀት ላይ ብቻ የባንኩን ቀሪ እናስተካክላለን፦ 212,930 ሲደመር 15,400 ሲቀነስ 37,050፣ ውጤቱ 191,280።

መጠበቅ ግን ገደብ አለው። በመንገድ ላይ ነው የተባለ ገቢ በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያዎቹ የሥራ ቀናት ስቴትመንቱ ላይ ካልታየ፣ በመንገድ ላይ አይደለም። ባንኩ ማህተም ያደረገበትን የገቢ ማድረጊያ ወረቀት አስመጡና ቀኑን እዩ። ካሽ ቡኩ 30ኛው ቀን እያለ ማህተሙ የሚቀጥለው ወር 9ኛ ቀን ከሆነ፣ ገንዘቡ በእነዚያ ቀናት ሰው እጅ ነበር ማለት ነው። ገንዘብ የሚቀበለው ሰው ራሱ ማስታረቂያውን እንዳይሠራ አጥብቄ የምናገረው በዚህ ምክንያት ነው።

ምልክት፦ ስቴትመንት ላይ አለ፣ ካሽ ቡክ ላይ የለም

እዚህ ያልሰማነው እኛ ነን፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ላይ የጆርናል ቫውቸር ተሠርቶ ካሽ ቡኩ ይስተካከላል። በምሳሌው ሦስት ነበሩ።

የባንክ አገልግሎት ክፍያ 320 ቀላሉ ነው፤ ወጪ ተብሎ ይመዘገባል፣ አለቀ።

ሁለተኛው ባንኩ የመለሰው የደንበኛ ቼክ ነው፣ 9,250። ቼኩን ስንቀበል ገቢ ብለን መዝግበናል፣ ባንኩም ተቀብሎት ነበር፤ ኋላ ላይ የደንበኛው ሂሳብ በቂ ስንቅ ስላልነበረው መልሶ ቀነሰው። እዚህ ላይ ስህተት የሚሠራው 9,250ውን ወጪ ብሎ የሚዘጋ ሰው ነው። ደንበኛው ዕዳውን አልከፈለም እንጂ ዕዳው አልተሰረዘም። ባንኩን ክሬዲት፣ ተሰብሳቢ ሂሳቡን በደንበኛው ስም ዴቢት አድርጉ። እንዲህ ካልሆነ የደንበኛው ካርድ ላይ «ከፍሏል» እንደተባለ ይቀራል፤ የሚጠይቀውም አይኖርም።

ሦስተኛው በቀጥታ ወደ ሂሳባችን የገባ 18,900 ነው። የሚገልጸው ጽሑፍ ከአጭር ማጣቀሻ ቁጥር በቀር ምንም አልነበረውም። የደንበኞችን ቀሪ ብናገላብጥ 18,900 ያለበት አንድም ሰው ጠፋ። ኋላ አንድ ደንበኛ ሁለት ደረሰኞችን፣ 12,400 እና 6,500፣ አጣምሮ እንደላከ ደረስንበት። እንዲህ ያለውን ገቢ ባለቤቱ እስኪታወቅ ሽያጭ ብላችሁ እንዳትመዘግቡት፤ ሽያጩ ቀድሞውኑ ደረሰኙ ሲቆረጥ ስለተመዘገበ ሁለት ጊዜ ይሆናል። ወሩ ከመዘጋቱ በፊት ባለቤቱ ካልተገኘ «ያልታወቀ ገቢ» በሚል የዕዳ ሂሳብ ይቆይ።

አሁን የካሽ ቡኩ ቀሪ እንዲህ ይሄዳል፦ 184,650 ሲደመር 18,900፣ ሲቀነስ 320፣ ሲቀነስ 9,250። ውጤቱ 193,980 ነው።

ምልክት፦ ሁሉም ተስተካክሎ ልዩነት ይቀራል

በባንኩ በኩል 191,280፣ በእኛ በኩል 193,980። 2,700 ተረፈ። ይህ የሰው ስህተት ነው፤ እኔ የምፈልገው በዚህ ቅደም ተከተል ነው።

መጀመሪያ 2,700 የሚል መስመር ካለ አያለሁ፤ የተዘለለ ወይም ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ነገር ከሆነ ልዩነቱ በሙሉ ቁጥሩ ይገለጣል። አልነበረም። ቀጥሎ ግማሹን፣ 1,350ን፣ ፈለግሁ። በገቢ በኩል መመዝገብ ሲገባው በወጪ በኩል የገባ መስመር ልዩነቱን እጥፍ ያደርገዋልና። እሱም የለም። ከዚያ ለ9 አካፈልኩት። 2,700 ለ9 ሲካፈል ያለ ቀሪ 300 ይሆናል።

ሁለት አጎራባች አሃዞች ቦታ ሲቀያየሩ የሚፈጠረው ልዩነት ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላል። የሚገኘው 300 ደግሞ ተጨማሪ ነገር ይነግረናል፦ የተቀያየሩት የሺህና የመቶ ቤት አሃዞች ናቸው፣ በመካከላቸውም የ3 ልዩነት አለ። ሌላም ዕድል አለ፤ 3,000 መሆን የነበረበት 300 ተብሎ ዜሮ ቢጎድልም ልዩነቱ ያው 2,700 ነው። ይህ ጠቋሚ እንጂ ማስረጃ አይደለም። ከዘጠኝ ቁጥሮች አንዱ በአጋጣሚም ለ9 ይካፈላልና።

ወደ ቼኮቹ ተመለስኩ፣ በዚህ ጊዜ ቁጥሩን ሳይሆን መጠኑን እያየሁ። ቼክ 0414 ስቴትመንቱ ላይ 7,410፣ ካሽ ቡኩ ላይ 4,710። 7 እና 4፣ ልዩነታቸው 3። መጀመሪያ ላይ ያለፈኝ በቼክ ቁጥር ብቻ አመሳክሬ ምልክት ስላደረግሁበት ነው።

እዚህ ቆም ብሎ ሰነዱን ማየት ግድ ነው፤ ሁለቱ ሲለያዩ ባንኩ ነው ትክክል ማለት አይቻልም። የክፍያ ቫውቸሩን ከነደረሰኙ አወጣሁ፣ 7,410 ይላል። ስለዚህ የተሳሳተው የእኛ ምዝገባ ነው፤ ባንኩን በ2,700 ክሬዲት፣ የአቅራቢውን ተከፋይ ሂሳብ በዚያው መጠን ዴቢት አድርገን አስተካከልን። ቫውቸሩ 4,710 ቢል ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። ወይ ባንኩ ተሳስቷል፣ ወይ ቼኩ ላይ ቁጥሩ ተለውጧል፤ ያኔ የቼኩን ቅጂ በዚያው ቀን ከባንኩ መጠየቅ ነው እንጂ መዝገብ መንካት አይገባም።

193,980 ሲቀነስ 2,700፣ 191,280። ሁለቱ ወገኖች ተገናኙ፤ በሂሳብ መግለጫው ላይ የሚወጣውም ይህ ቁጥር ነው።

ያኔ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ለ2,700 ምን ያደክምሃል፣ ልዩ ልዩ ወጪ በልና ዝጋው» ብሎኝ ነበር። ብዘጋው አቅራቢው መዝገባችን ላይ 2,700 የሚፈልግብን መስሎ ይቀርና በሚቀጥለው ወር እንከፍለው ነበር። ከዚያም በላይ፣ ትንሽ ልዩነት ትንሽ ስህተት ላይሆን ይችላል። ያልተመዘገበ የ50,000 ወጪና ያልተመዘገበ የ47,300 ገቢ ሲቻቻሉ የሚታየው 2,700 ብቻ ነው።

ምልክት፦ ያው ልዩነት በየወሩ ይመለሳል

ቁጥሩ ሳይለወጥ የሚመጣ ከሆነ አዲስ ስህተት አትፈልጉ። በአብዛኛው ያለፈው ወር ማስታረቂያ ወረቀቱ ላይ ተሠርቶ፣ የጆርናል ቫውቸሩ ግን ሌጀር ላይ ሳይገባ ቀርቷል። ያለፈውን ወር የተስተካከለ ቀሪ ከዚህ ወር ካሽ ቡክ መነሻ ጋር አስተያዩት፤ ካልገጠመ የጎደለው ምዝገባ እዚያ ነው።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰለው ከወር ወር በዝርዝሩ ላይ የሚንከባለል ያረጀ ቼክ ነው። ባንኮች ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ቼክ አይከፍሉም፤ በብዙ አገር ስድስት ወር ነው። ተቀባዩ ጋ ደውሉ። ቼኩ ጠፍቶ ከሆነ ባንኩ እንዳይከፍለው በጽሑፍ አሳውቁና ተኩ። ተቀባዩ ካልተገኘ ገንዘቡን ወደ ባንክ ሂሳብ መልሱ፣ ግን በሌላው ወገን ገቢ አትበሉት፤ ተከፋይ ሂሳብ ላይ በሰውዬው ስም ይቀመጥ፣ ዕዳው ገና አለና።