እንግዶቼ ሁሉ ከየስልካቸው ቴሌቪዥኑ ላይ የዩቲዩብ ቪዲዮ እንዲያሰልፉ ያደረግኩበት መንገድ

ትናንት ቤት ስንሰባሰብ የእኔ ስልክ ቴሌቪዥኑን ያገኘዋል፣ የእንግዶቹ ግን ጭራሽ አያየውም። ለካ ያስገባኋቸው የእንግዳ ዋይፋይ ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ ኢንተርኔት ይሰጣል እንጂ ስልክና ቴሌቪዥን እንዲተያዩ አይፈቅድም። ዋናውን ፓስወርድ ለሁሉም መስጠት አልፈለግኩም።

መፍትሔው ኮድ ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ ዩቲዩብ ሴቲንግ ገብቼ "Link with TV code" ስለው ቁጥር አወጣ፣ እነሱም በየስልካቸው ዩቲዩብ ሴቲንግ ውስጥ "Watch on TV" የሚለውን ከፍተው ቁጥሩን ጻፉ። ግንኙነቱ በኢንተርኔት ስለሚያልፍ በሞባይል ዳታ የነበረችው እህቴም ገባች።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ ንገሯቸው፦ ቪዲዮውን ነክተው "Play" ካሉ የሚታየውን ይቆርጠዋል፣ መነካት ያለበት "Add to queue" ነው። እኛ የገባን ሁለቴ ከተቋረጠብን በኋላ ነው። ሲሄዱ ስልኮቹን ከቴሌቪዥኑ ሴቲንግ አላቀቅኳቸው፤ አለበለዚያ ከቤታቸው ሆነውም ማጫወት ይችላሉ።